ሚዛኑ 99.08 ሲል ፒፔቱ ስንት ሰጠ?

ጥያቄ፦ «በኬሚስትሪ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ የካሊብሬሽን ላቦራቶሪ ለፈተና ጠርቶኝ ነበር። በ100 ማይክሮሊትር ፒፔት የተቀዳ ውሃ አሥር ጊዜ ተመዝኖ ውጤቱ በወረቀት ተሰጠኝ፤ አማካዩ 99.08 ሚሊግራም ሆነ። ፒፔቱ 0.92 ማይክሮሊትር ስላጎደለ ‹አያልፍም› ብዬ ጻፍኩ፤ እኔም ሳላልፍ ቀረሁ። ወረቀቱ ላይ ‹የውሃ ሙቀት 24 ዲግሪ› እና ‹ባዶ ዙር 0.04 ሚሊግራም› የሚሉ ቁጥሮችም ነበሩ፤ ምን እንደማደርግባቸው ግን አላወቅሁም። ለሚቀጥለው ፈተና ምን ላጥና?»

መልስ፦ እህቴ፣ አማካዩን በትክክል አውጥተሻል። የሳትሽው ከሚሊግራም ወደ ማይክሮሊትር ስትሻገሪ ነው። ፈተናውም የተዘጋጀው በዚያች መሻገሪያ ላይ የሚሰናከለውንና የማይሰናከለውን ለመለየት ነው፤ እርማቱን ያላደረገ ሰው «አያልፍም»፣ ያደረገ ሰው «ያልፋል» እንዲል ቁጥሮቹ ሆን ተብለው የተመረጡ ይመስለኛል።

«አንድ ሚሊግራም ውሃ አንድ ማይክሮሊትር ነው» የሚለው የትምህርት ቤት ቋንቋ የሚሠራው ውሃው 4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ በ24 ዲግሪ አንድ ሚሊሊትር ውሃ 0.9973 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ፒፔቱ በትክክል 100 ማይክሮሊትር ቢሰጥ እንኳ የውሃው ክብደት 99.73 ሚሊግራም ነው። አንቺ እንደ ጉድለት ከቆጠርሽው 0.92 ውስጥ 0.27 ያህሉ የፒፔቱ ሳይሆን የውሃው መስፋፋት ነው።

ሁለተኛው እርማት ብዙ ተመራቂ ሰምቶት የማያውቀው ነው። ሚዛን የሚስተካከለው እፍግታው በኪዩቢክ ሜትር 8000 ኪሎግራም እንደሆነ በሚታሰብ የብረት መመዘኛ ነው። አየር ደግሞ በውስጡ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል፤ ብዙ ቦታ የያዘውን አብዝቶ፣ ትንሽ ቦታ የያዘውን ጥቂት። 100 ሚሊግራም ብረት የሚይዘው ቦታ በጣም ትንሽ ስለሆነ አየር የሚቀንስበት 0.015 ሚሊግራም ያህል ነው። የዚያኑ ያህል ውሃ ግን ስምንት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ 0.12 ሚሊግራም ይቀንስበታል። ሚዛኑ በብረቱ ስለለመደ ልዩነቱን፣ ማለትም 0.105 ሚሊግራም ገደማ፣ ከውሃው ላይ አጉድሎ ያሳያል። ከመቶ አንድ አሥረኛ ማለት ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የተፈቀደው ስህተት ራሱ ከመቶ 0.8 ብቻ ሲሆን የሚናቅ አይደለም።

ሁለቱ እርማቶች በአንድ ማባዣ ተጠቃለው Z ተብለው ይጠራሉ፦

```
Z = (1 - ρa/ρb) / (ρw - ρa)
V = m × Z
```

ρw የውሃው፣ ρa የአየሩ፣ ρb የመመዘኛው ብረት እፍግታ ነው። ሁሉንም በግራም በሚሊሊትር አስገቢ፦ 0.9973፣ 0.0012 እና 8.0። በ24 ዲግሪ Z 1.0038 ይወጣል።

ከማባዛትሽ በፊት ግን ያ 0.04 አለ። ውሃው ወደ መመዘኛው ዕቃ ተጨምሮ ሚዛኑ እስኪረጋ ድረስ ትንሽ ይተናል። ይህን ለማወቅ በዕቃው ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ሌላ ሳይጨመር ያው ክዳን ተከፍቶ፣ ያው ጊዜ ተጠብቆ፣ ያው ንባብ ይወሰዳል፤ ባዶ ዙር የሚባለው ይኸው ነው። በአንድ ዙር የጠፋው 0.04 ሚሊግራም ስለሆነ በአማካዩ ላይ ይደመራል፤ 99.12 ይሆናል። በ1.0038 ሲባዛ 99.50 ማይክሮሊትር ይመጣል። ጉድለቱ 0.50 ነው። ለ100 ማይክሮሊትር ፒፔት አይሶ 8655 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚፈቅደው ቋሚ ስህተት በሁለቱም አቅጣጫ 0.8 ማይክሮሊትር ነው፤ ስለዚህ ፒፔቱ በዚህ በኩል ያልፋል።

በሥራ ላይ ብትሆኚ ኖሮ ስህተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም ነበር። እኔ በጀማሪነቴ ያንን አድርጌዋለሁ። ሚዛኑ 100.00 እስኪል ድረስ የፒፔቶችን ማስተካከያ ብሎን አዞርኩ፤ በኩራትም መለያ ለጠፍኩባቸው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ሚዛኑ 100.00 ሲል ፒፔቱ የሚሰጠው 100.38 ነው። ጎዶሎ የመሰለኝን መሣሪያ ትርፍ እንዲሰጥ አድርጌው ነበር ማለት ነው። ከዚያ የከፋው ከማዞሬ በፊት የነበረውን ውጤት አለመመዝገቤ ነው፤ መሣሪያዎቹ ባለፉት ወራት ምን ሲሰጡ እንደቆዩ ለተጠቃሚዎቹ መናገር አልቻልኩም። ፈታኝ «ፒፔቱ ባያልፍ ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ከጠየቀሽ መጀመሪያ የምትይው «የተገኘውን ውጤት እንዳለ እመዘግባለሁ» ነው፤ ብሎኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ወረቀቱ ላይ የነበሩትን አሥር ቁጥሮችም አማካይ አውጥተሽ ብቻ መተው አልነበረብሽም። አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያሳየው መደበኛ ልይይት ለዚህ ፒፔት ከ0.3 ማይክሮሊትር መብለጥ የለበትም። እኔ ግን ከልይይቱ በፊት ቅደም ተከተሉን አያለሁ። ቁጥሮቹ 98.6፣ 98.8፣ 98.9 እያሉ ወደ ላይ የሚሄዱ ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእጅ ነው፦ ቲፑ አስቀድሞ በውሃ አልራሰም። በፒፔቱ ውስጥ ያለው ደረቅ አየር ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ ትነት ይወስዳል፤ እየረጠበ ሲሄድ መስረቁን ይተዋል። መፍትሔው ውሃውን አምስት ጊዜ ያህል በቲፑ ስቦ መልቀቅና ከዚያ መመዘን መጀመር ነው። እንዲህ ወደ አንድ ወገን የሚሄድ ዝርዝር ልይይቱ ከገደቡ በታች ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ግን ያታልላል።

ፈታኙ ጠንከር ያለ ከሆነ ስለ ከፍታ ሊጠይቅሽ ይችላል። 0.0012 የሚለው የአየር እፍግታ በባሕር ጠለል አካባቢ የሚሠራ ነው። ግፊቱ 80 ኪሎፓስካል በሆነበት ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ Z ወደ 1.0035 ይወርዳል። በአንቺ ምሳሌ ውጤቱ 99.47 ይሆናል፤ ፍርዱ አይለወጥም። ሁለቱንም ተናገሪ፦ እርማቱ እንዳለም፣ እዚህ ውሳኔ እንደማይለውጥም። የትኛው ቁጥር እንደሚያስጨንቅና የትኛው እንደማያስጨንቅ የሚለይ ሰው ነው የሚቀጠረው። ከክፍሉ ሙቀት ይልቅ የውሃውን ሙቀት መለካት ግን የማይታለፍ ነው፤ ከሌላ ክፍል አሁን የመጣ ውሃ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊለይ ይችላል።

በሥራ ማመልከቻሽ ላይ «ፒፔት መጠቀም እችላለሁ» የሚለውን አውጪው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። በምትኩ ሠርተሽ ያየሽውን ጻፊ፦ «የ100 ማይክሮሊትር ፒፔት በክብደት ዘዴ፣ በአሥር ምዝን፣ የትነትና የአየር እርማት አድርጌ አረጋግጫለሁ።» ይህን ለመጻፍ ግን አንድ ጊዜ በእጅሽ መሥራት አለብሽ። የተማርሽበት ላቦራቶሪ እስከ 0.01 ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን ካለው አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቅዱልሽ ጠይቂ። ከዚያ በፊት ቀመሩን በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ ጻፊና ለ20 ዲግሪ የውሃ እፍግታ 0.9982 አስገቢ፤ 1.0029 ካልሰጠሽ ቀመሩ ውስጥ አንድ ቅንፍ ቦታውን ስቷል።