የበርበሬው ባች ሲሰበሰብ ማን፣ ለማን፣ ምን ይበል?

ጥያቄ፦ ጠበቃችን እንደምን ሰነበቱ። ቡሬ ላይ በርበሬ ፈጭቶ በግማሽ ኪሎ እያሸገ የሚሸጥ አነስተኛ ፋብሪካ አለኝ። በዚህ ሳምንት ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከአንዱ ባች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ተፈጭቶ በአንድ ቁጥር ከታሸገው ምርት፣ በተወሰደ ናሙና አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ከተፈቀደው በላይ ስለተገኘ ከገበያ ሰብስብ ይላል። ወሬው ቀድሞ ፌስቡክ ላይ «የሚገድል በርበሬ» ተብሎ ወጥቷል። የሽያጭ ሠራተኛዬ «ተወዳዳሪዎቻችን ያናፈሱት አሉባልታ ነው» የሚል መግለጫ አዘጋጅቷል። ወንድሜ ደግሞ «ዝም በል፤ ይቅርታ ካልህ ራስህን ታስከስሳለህ» ይለኛል። ልናገር? ከተናገርሁስ ምን ልበል? የጻፈውን ሰውስ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ መግለጫውን አያውጡት። ደብዳቤው በእጅዎ እያለ «አሉባልታ ነው» ማለት ሐሰት ነው፤ ፊርማዎ ያለበት ሐሰት ደግሞ ነገ በማስረጃነት የሚቀርበው በእርስዎ ላይ ነው። የወንድምዎን ምክርም አይቀበሉ፤ ከሁለቱ የከፋው እንዲያውም እሱ ነው።

ዝምታው የከፋበት ምክንያት አንድ ቀን ነው፤ ደብዳቤውን ፈርመው የተቀበሉበት ቀን። ከዚያ ቀን በፊት የተሸጠው በርበሬ ሳያውቁ የሸጡት ነው። ከዚያ በኋላ ከመጋዘንዎ የሚወጣው ግን እያወቁ የሸጡት ይሆናል፤ በወንጀል ሕግ ዓይን ደግሞ «አያውቅም ነበር» እና «እያወቀ ሸጠ» ሰማይና ምድር ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተቆጣጣሪው ለጤና አስጊ የሆነ ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ እንዲያዝ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ስለዚህ መሰብሰቡ የእርስዎ በጎ ፈቃድ አይደለም። ድጋሚ ምርመራ መጠየቅ ይችላሉ፤ እስኪመረመር ድረስ መሸጥ ግን አይችሉም።

ስለ ድጋሚ ምርመራው አንድ ነገር ልጨምር። በላኩልኝ ወረቀቶች ውስጥ ከራስዎ መደርደሪያ አንድ ጥቅል አስመርምረው ንጹሕ መባሉን አይቻለሁ፤ «በርበሬያችን ነጻ ነው» ብሎ ለማወጅም እንዳሰቡ ገባኝ። ይህ ማስረጃ አይረዳዎትም። አፍላቶክሲን የሚመነጨው ከሻጋታ ነው፤ ሻጋታውም በጭነቱ ሁሉ እኩል አይዘራም። ጥቂት የሻገቱ ዛላዎች አንድ ጆንያ ይበክላሉ፣ አጠገቡ ያለው ጆንያ ደህና ይሆናል። አንድ ጥቅል ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ስለ ባቹ ሁሉ አይመሰክርም። ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ ወረቀትዎን አይቶ ፈገግ ይላል፤ ጋዜጠኛውም ቢሆን ከባለሙያው ይሰማዋል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። በላኩልኝ ሰንጠረዥ ባች 0144 ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ነው፤ ይህም 4,800 ጥቅል ይሆናል። በመጋዘን የቀረው 1,100 ነው። 1,900 ባሕር ዳር፣ 1,200 ደብረ ማርቆስ፣ 600 ደግሞ ቡሬና አካባቢው ሄዷል። መጀመሪያ መጋዘን ያለውን ለብቻ ለይተው ይቆልፉበት፤ ከዚያ ለተቆጣጣሪው በጽሑፍ መልስ ይስጡ፤ ቀጥሎ ለአከፋፋዮቹ ይደውሉ፤ ሕዝቡ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ። በሬዲዮ «ወደ ገዛችሁበት ሱቅ መልሱ» ሲባል ባለሱቁ ነገሩን ካልሰማ ደንበኛውን «አላውቅም» ብሎ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ማስታወቂያዎ ያልተፈጸመ ቃል ይሆናል፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት ስለሚሰጥ ቅሬታው በሕግም እግር አለው። ስለዚህ ለአከፋፋዩ ሲደውሉ «አቁም» ብቻ አይበሉት፤ ባለሱቁ ለደንበኛው የከፈለውን ገንዘብ ማን፣ መቼ፣ በምን ሰነድ እንደሚተካለት ይንገሩት። ኢንተርኔት በሚቆራረጥባቸው ወረዳዎች ስልክና አጭር የጽሑፍ መልእክት ይጠቀሙ፤ በጭነት መኪናው ሾፌር እጅ የሚላክ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም አይናቅ። የደወሉበትን ሰዓት፣ የተቀባዩን ስምና መልሱን በአንድ መዝገብ ያስጽፉ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ የሚያድንዎት ያ መዝገብ ነው።

ለሕዝቡ የሚነገረው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ይህ ማስታወቂያ ግን ሰም አይኑረው። «በጥራት ላይ ባለን ጽኑ አቋም የተነሳ ለጥንቃቄ ያህል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሰርዣቸዋለሁ። ያዘጋጀሁልዎ ይህ ነው፦

«በቡሬ ከተማ በፋብሪካችን የታሸገው ግማሽ ኪሎ የተፈጨ በርበሬ፣ የባች ቁጥሩ 0144 የሆነው፣ በላቦራቶሪ ሲመረመር ከሻጋታ የሚመነጭ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ከተፈቀደው መጠን በላይ ስለተገኘበት ከገበያ እየሰበሰብን ነው። ቁጥሩ በጥቅሉ ጀርባ ከታች ተጽፏል። ይህን በርበሬ አይጠቀሙ፤ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። የተከፈተም ቢሆን ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱት፤ ደረሰኝ ባይኖርዎትም ገንዘብዎ ይመለሳል። ከጥቅሉ አውጥተው በላስቲክ ቋጥረው የሸጡ ባለሱቆች በርበሬውን ለይተው ያስቀምጡ፤ በዚህ ስልክም ይደውሉልን። ሌሎቹን ባቾች እያስመረመርን ነው፤ ውጤቱን እናሳውቃለን። ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ማብሰልን የጠቀስሁት ሰው ሁሉ «ወጥ ውስጥ ይበስል የለ?» እንደሚል ስለማውቅ ነው። የላስቲኩን ነገር የጨመርሁት በየመንደሩ ሱቅ ግማሽ ኪሎው ተፈትቶ በትንሽ በትንሹ ስለሚሸጥ ነው፤ ያን የገዛችው እናት የባች ቁጥር የላትም፣ ያላት ባለሱቁ ብቻ ነው። «ይገድላል» አላልሁም፤ «ምንም አይጎዳም»ም አላልሁም። አፍላቶክሲን በዋናነት የሚያሰጋው በተደጋጋሚና ለረጅም ጊዜ ሲበላ ጉበት ላይ ነው፤ ይህን ግን የሚያስረዳው የጤና ባለሙያ እንጂ የፋብሪካው ባለቤት አይደለም። ጋዜጠኛ ከጠየቀዎት ወደ ተቆጣጣሪው ይምሩት።

«ሌሎቹን ባቾች እያስመረመርን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አልጣመዎትም ይሆናል። ያለ እሱ ግን ማስታወቂያውን አላወጣም። በግዢ ወረቀትዎ ላይ እንዳየሁት ለ0144 የገባው ዛላ ተርፎ በማግሥቱ ለ0145 ውሏል። ስለዚህ «ሌላው ሁሉ ደህና ነው» ካሉ በሳምንቱ ሁለተኛ ማስታወቂያ ሊያስነግሩ ይችላሉ። አንድ ጊዜ የሰበሰበን ነጋዴ ገበያው ይምረዋል፤ «አበቃ» ብሎ እንደገና የሰበሰበን ግን የሚያምነው የለም። ከዓመታት በፊት የያዝሁት አንድ ደንበኛ ሁለተኛው ውጤት ሳይመጣ በሬዲዮ «የቀረው ምርታችን ንጹሕ ነው» አለ። ውጤቱ ሲመጣ ንጹሕ አልነበረም፤ ቅጂውን ከሳሾቹ ይዘው ቀረቡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እርስዎ 0145ንም ዛሬውኑ ከመሸጥ ያግዱና ለተቆጣጣሪው ያሳውቁ።

ይቅርታው ያስከስሳል ወይ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ለትርፍ አምርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው እንደ ወጉ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ይኑርበት አይኑርበት አይጠይቅም። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ከሆነ አምራቹ ኃላፊ አይሆንም፤ አፍላቶክሲን ግን በዓይን ስለማይታይ ይህ መከላከያ ለእርስዎ አይሆንም። እንግዲህ ጥፋት የማይጠየቅ ከሆነ «ይቅርታ» ማለት የሚጨምርብዎት ዕዳ የለም። አደጋው ያለው ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «በርበሬያችን ስላሳመማችሁ ይቅርታ»። ተጎጂው ነኝ የሚል ሰው የጉዳቱን መጠንና ከእርስዎ ዕቃ መምጣቱን ማስረዳት አለበት፤ ይህን ሸክም እርስዎ በአንድ ቃል አያቅልሉለት። ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ ይጠይቁ፤ ስለ በሽታ አይመስክሩ። ኢንሹራንስ ካለዎትም ከማስታወቂያው በፊት ይደውሉላቸው፤ ብዙ ውሎች ያለ ኩባንያው ፈቃድ ኃላፊነትን ማመንን ይከለክላሉ። የካሣ ክስ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ሊቀርብ ስለሚችል መዝገብዎንና ደረሰኞችዎን በዚህ ወር አይጣሉ።

ዛላውን ያቀረቡልዎትን ነጋዴም በአደባባይ አይወንጅሉ። ሚዛን እንዲያነሳላቸው ውሃ እየረጩ የሚያመጡ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እርጥበቱም ሻጋታ ይጠራል። ይህን ግን በውሉ መሠረት ሳይዘገዩ በጽሑፍ ለራሱ ያሳውቁት፤ ጉዳዩ የእሱና የእርስዎ ነው። ሸማቹ የገዛው ከእርስዎ ነው።

ፌስቡክ ላይ የጻፈውን ሰው በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2057 በሐሰት ሕትመት የዕቃን ስም የሚያጎድፍ ኃላፊ ነው ይላል። መሠረቱ ሐሰት መሆኑ ነው። ልጁ «የሚገድል» ብሎ አጋኗል፤ ዋናው ነገር ግን እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ከከሰሱት ነገ የሚወራው ስለ በርበሬው ሳይሆን ስለ ክሱ ነው። የጽሑፉን ገጽ ከቀኑ ጋር ቀድተው ያስቀምጡ፤ ከስሩ ማስታወቂያዎን ይለጥፉ፤ ከዚያ በላይ አይከራከሩ። የሽያጭ ሠራተኛዎም በግል ገጹ አይመልስ፤ የሚናገር አንድ ሰው ይሁን፣ እሱም እርስዎ።

በርበሬው ከገበያ ተሰብስቦ ሲያልቅ አንድ ወረቀት ይቀራል። ከ4,800 ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱ ተሸጦ አልተገኘም የሚለውን ቆጥረው፣ የተመለሰው ተቆጣጣሪ ባለበት እንዲወገድ አድርገው ቃለ ጉባኤ ያስፈርሙ። ቁጥሩ ባይሞላም አይሙሉት። የተበላው በርበሬ አይመለስም፤ ይህንን ተቆጣጣሪውም ያውቃል። ቃለ ጉባኤው ሲፈረም ቅጂውን ይላኩልኝ፤ የማጠቃለያ ማስታወቂያውን የምጽፈው ከእሱ ተነስቼ ነው።