ጥያቄና መልስ፦ ለፈጠራ ዓለም ሰዎች ስም ማውጣት

«ልብ ወለዴ የሚካሄደው በሌላ ዓለም ነው። ለተራራው ሕዝብ ዘለረ፣ ገመቀ፣ በረከሽ የሚሉ ስሞች አወጣሁ። ያነበቡልኝ ሁሉ ግን የሰፈር ሰው ስም ይመስላሉ ይላሉ። ምን አጠፋሁ?»

አንባቢዎችዎ ልክ ናቸው። ከበደ፣ አበበ፣ ደረጀ እያለ ያደገ ሰው ስም ሲፈጥር እጁ ሳያስበው ወደ ግዕዙ ረድፍ ይሄዳል። ዘለረ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ፊደላት ግዕዝ ናቸው። ሦስት ተነባቢ በግዕዝ ተከታትሎ ሲመጣ ደግሞ የአማርኛ አንባቢ የሚሰማው ግስ ነው፤ ሰበረ፣ ፈለገ፣ ዘለረ። በረከሽ ላይ ያለችው «ሽ» ደግሞ ሴትን በአንቺ የምንጠራባት ናት። ፊደላቱን የፈለጉትን ያህል ቢቀያይሩ ቅርጹ እስካለ ድረስ ስሙ አማርኛ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ስም መፍጠሩን ለጊዜው ይተዉትና ለተራራው ሕዝብ ቋንቋ የድምፅ ሕግ ያውጡለት። አንድ ገጽ ይበቃል። እዚህ አንድ እንሥራ።

መጀመሪያ ተነባቢ እንምረጥ። መ፣ ነ፣ ለ፣ ረ፣ ሰ፣ ተ፣ ደ፣ ከ፣ ወ፤ ዘጠኝ ናቸው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ የሉም፣ በ እና ገም የሉም። ሕዝቡን የሚለየው ያለው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የሌለውም ነው፤ አንባቢ ምክንያቱን ባያውቅም ጆሮው ይሰማዋል። ቀጥሎ አናባቢ፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕና ሳብዕ ብቻ። ግዕዝን ማስወጣቱ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል፤ የአማርኛውን ግስ ጠረን የሚያጠፋው እሱ ነው። ኃምስንም ተውነው። በመጨረሻ የቀለሙ፣ ባንድ ጊዜ የምንጠራው የቃል ቁራጭ፣ ቅርጽ፤ እያንዳንዱ ቀለም በአንድ ተነባቢ ይጀምራል፣ አናባቢ ይከተለዋል፤ ሊዘጋ የሚችለው ግን በን፣ በር፣ በል ወይም በስ ብቻ ነው።

ከዚህ ሕግ ቶርካስ፣ ሊኒ፣ ካስሩ፣ ዲልዱ ይወጣሉ። ዘለረ አይወጣም። ገመቀም በረከሽም አይወጡም። ሕጉ መሥራቱ የሚታወቀው እንዲህ ሲጥል ነው፤ የወደዱትን ስም ሁሉ የሚያሳልፍ ሕግ ገና ሕግ አልሆነም።

«በዘጠኝ ፊደል ብቻ ከተወሰንኩ ስም አያልቅብኝም? ገጸ ባሕርያቴ ከ60 በላይ ናቸው።»

አያልቅም። ዘጠኝ ተነባቢ በአራት አናባቢ 36 ክፍት ቀለም ይሰጣል፤ እያንዳንዱ በአራቱ መዝጊያዎች ሲዘጋ 144 ይጨመራል፤ በጠቅላላው 180። ሁለት ሁለት ቀለም ብቻ እያጋጠሙ 32,400 ጥምረት ያገኛሉ። መገጣጠሚያ ላይ የሚወድቁትን ቢቀንሱ እንኳ ለ60 ሰው ይተርፋል።

«በስም መካከል ጭረት ባደርግስ? ካ’ዞ፣ ቶ’ሪ ብል የባዕድ አይመስልም?»

ያ ምልክት የመጣው ከላቲን ፊደል አጻጻፍ ነው፤ በጉሮሮ የሚቋረጥ ድምፅ ከፈለጉ ፊደላችን «አ» አለው፣ ካልፈለጉ ጭረቱ የሚነግረን ነገር የለም።

«አንዱን ገጸ ባሕርይ ድርክምል አልኩት። ሦስት ጓደኞቼ በሦስት ዓይነት አነበቡት። እነሱ ናቸው ወይስ እኔ?»

እርስዎ ነዎት፤ ጉዳዩ ግን የፊደላችን ጠባይ ስለሆነ በዝርዝር ማየት ያሻል። በፈጠራ ስም ላይ ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይኸው ነው።

ሳድስ ፊደል ሁለት ሥራ አለው። አንዳንዴ «እ» የምትባለውን አጭር አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ባዶውን። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው ይበሉት። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የምንሰማው ግን መጀመሪያው ት እና ህ ላይ ብቻ ነው፤ ም፣ ር እና መጨረሻው ት ባዶ ናቸው። ይህን ማንም አይነግረንም፤ ቃሉን ስለምናውቀው እናነበዋለን። ድርክምልን ግን አንባቢዎ ከዚህ በፊት ሰምቶት አያውቅም። አንዱ ድ እና ክ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ድ፣ ር እና ም ላይ፣ ሦስተኛው ይሰለችና ስሙን በዓይኑ ዘሎ ያልፋል። የሦስተኛው ይብሳል፤ ስሙን በልቡ ያልጠራ አንባቢ ከአሥር ገጽ በኋላ ሰውየውን ከሌላው መለየት ያቅተዋል።

ከላይ ባወጣነው ሕግ ሳድስ የሚገኘው በቀለም መጨረሻ ብቻ ነው፤ አራት ፊደላት ብቻ ናቸው፣ ሁልጊዜም ባዶ ናቸው። ቶርካስን ማንም አንድ ዓይነት ብቻ ያነበዋል። የእርስዎን ሰው ወደዚህ ሕግ ብናመጣው ዲርኩኖ ይሆናል፤ የድርክምል ክብደት አለ፣ ጥርጣሬው ግን ጠፍቷል። አንድ ደንብ ይያዙ፤ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ሳድስ ጎን ለጎን ከቆሙ ስሙን መልሰው ይሥሩት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ሌላ፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ በሚፈጥሩት ቋንቋ ምንም ድምፅ አይጥበቅ። በመጥበቅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ገጹ ላይ አንድ ስም ናቸው።

«ሠ ልጠቀም ወይስ ሰ? ሐ ወይስ ሀ?»

አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይያዙ፤ ለባዕድነት ብሎ ሠን ማስገባት ድምፁን አይለውጠውም።

«ስሞቹ ሁሉ ትርጉም ሊኖራቸው ይገባል? መዝገበ ቃላት መሥራት አልችልም።»

መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ አሥር የሚሆኑ ሥሮችና ሦስት ቅጥያዎች ይበቃሉ። ለምሳሌ ቶር ተራራ፣ ሊን ውሃ፣ ካስ እሳት፣ ዲል ብርሃን ይሁኑ። ቅጥያዎቹ ደግሞ «ኢ» ለሴት፣ «ኦ» ለወንድ፣ «ሩ» የእገሌ ልጅ ለማለት። ሁለት ሥር ሲጋጠም የቦታ ስም ይሆናል። ቶርሊን ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ነው፣ ካስሊን ፍል ውሃ፣ ቶርካስ እሳተ ገሞራ። የሰው ስም በአናባቢ ያልቃል፣ የቦታ ስም በተዘጋ ቀለም፤ አንባቢው ሳይነገረው ይለምደዋል።

ቋንቋው እውነት የሚመስለው ግን መገጣጠሚያው ላይ ነው። በእውነተኛ ቋንቋ ድምፆች ሲነካኩ ይለዋወጣሉ። በአማርኛ ከከፈተ ከፋች፣ ከወሰደ ወሳጅ፣ ከጨረሰ ጨራሽ ይወጣል፤ ተ ወደ ች፣ ደ ወደ ጅ፣ ሰ ወደ ሽ ዞሯል። ለተራራው ቋንቋም ሦስት እንዲህ ያሉ ለውጦች እናውጣለት።

አንደኛ፣ ከን ወይም ከል ቀጥሎ ረ ቢመጣ ደ ይሆናል፤ ሊን እና ሩ ሊንዱን፣ ዲል እና ሩ ዲልዱን ይሰጣሉ። ሁለተኛ፣ ሰ በሁለት አናባቢ መካከል ሲገባ ዘ ይሆናል፤ ካስ እና ኢ ካዚ፣ ካስ እና ኦ ካዞ። ካስሩ ላይ ግን ከኋላው ረ ስላለች ሰ እንደሆነ ይቆያል። ሦስተኛ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ድምፅ ሲገናኝ አንዱ ይቀራል፤ ቶር እና ሩ ቶሩ ናቸው።

አሁን ዘ በዝርዝራችን ሳትኖር ወደ ቋንቋው ገባች፤ የምትገኘው ግን በአናባቢ መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘ የሚጀምር ስም በዚህ ሕዝብ ዘንድ የለም፣ በአናባቢ መካከልም ሰ አይገኝም። ረቂቅዎ ውስጥ «ቶሲ» የሚል ስም ካገኙ ወይ ስህተት ነው ወይ ሰውየው የባዕድ አገር ሰው ነው። ካዚ የምትባል ሴትና ካስሩ የሚባል ልጅ አንድ ሥር እንዳላቸው ደግሞ ንቁ አንባቢ ራሱ ይደርስበታል።

ለውጦቹን ከሦስት ወይም ከአራት አያሳልፉ። ከዚያ በላይ ሲሆን እርስዎ ራስዎ 200ኛው ገጽ ላይ ይረሱታል።

«የክፉዎቹን ስም በጨ፣ በጠ፣ በቀ፣ የደጎቹን በለ እና በመ አደረግሁ። ጥሩ ነው?»

ሁሉም ካንድ መንደር ከሆኑ ጥሩ አይደለም። ስም የሚወጣው ሕፃኑ ክፉ ይሁን ደግ ሳይታወቅ ነው፤ ያወጡትም እናት አባቱ ናቸው፣ በቋንቋቸው። ጠላቶቹ ሌላ ሕዝብ ከሆኑ ግን ሌላ ሕግ ያውጡላቸው፤ ያኔ ጨ እና ቀ የቋንቋቸው እንጂ የክፋታቸው ምልክት አይሆኑም።

ሁለት ቋንቋ ካለዎት አንዱ የሌላውን ስም እንዴት እንደሚጠራም ያስቡበት። የሃዋይ ቋንቋ ስምንት ተነባቢ ብቻ አለው፣ ቀለሙም ሁሌ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ክሪስማስ የሚለው ቃል እዚያ ሲደርስ ካሊኪማካ ሆነ። ር ወደ ል፣ ስ ወደ ክ ዞሩ፣ በመካከላቸውም አናባቢ ገባ። የቆላው ሰው በርጌስ ቢባል የተራራው ሕዝብ በ፣ ገ፣ ግዕዝም ኃምስም ስለሌለው ዋርኪስ ይለዋል። ምርኮኛው በርጌስ «ዋርኪስ!» ተብሎ ሲጠራ ማን እንደጠራው መንገር አያስፈልግዎትም።

«ካዚ እና ካዞ እህትና ወንድም ናቸው። አንባቢ ይደናገራል?»

አዎ፤ ሁለቱም ብዙ ቦታ አብረው የሚታዩ ከሆነ አንዱን በሌላ ፊደል ያስጀምሩት፣ ለምሳሌ ዲሎ ብለው።

«የአንድ አነስተኛ ብሔረሰብ ስሞችን ወስጄ ፊደላቸውን ብቀያይርስ? ማን ያውቅብኛል?»

ባለቤቶቹ ያውቁብዎታል። ከእውነተኛ ቋንቋ የድምፅ ሕግ መማር ይቻላል፤ ቀለሙ እንዴት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ድምፅ ስም እንደማይጀምር። የሰዎቹን ስም መውሰድ ግን ሌላ ነው፤ ለሟች መታሰቢያ የተሰጠ ወይም በሃይማኖት የተከበረ ሊሆን ይችላል፣ ፊደል መቀያየሩም አይሸፍነውም። ስለ ድምፅ ሥርዓት ጥልቅ ነገር ካስፈለገዎ የሥነ ልሳን መምህር ይጠይቁ። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምለው ሌላ ነው። በሕግዎ የሠሯቸውን 20 ስሞች በወረቀት ይዘው፣ መጽሐፉ ሳይታተም፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ፣ ለሶማሊኛ፣ ለሲዳምኛና ለሌሎች ቋንቋዎች ተናጋሪዎች በድምፅ ያንብቡላቸው። በጽሑፍ ብቻ አይስጧቸው፤ ነውር የሆነ ቃል የሚታወቀው ሲነገር ነው። ከሕጉ የወጣ ንጹሕ ስም በአንዱ ቋንቋ ስድብ ሆኖ ቢገኝ ሥሩን አንድ አናባቢ ይቀይሩለትና ከሱ የተወለዱትን ስሞች ሁሉ እንደገና ያውጡ፤ ካስ ኮስ ከሆነ ካዚ ኮዚ፣ ቶርካስም ቶርኮስ ይሆናል።