ከዜድ ሪፖርቱ ላይ የታችኛውን ቁጥር አትውሰድ

«ሰላም የግሩፑ አባላት። ጅማ ውስጥ ትንሽ የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ፤ በቅርቡ ነው ቫት የገባሁት። የሽያጭም የግዥም ደረሰኝ ሰብስቤአለሁ፤ ግን በወሩ መጨረሻ ስንት እንደምከፍል ማስላት አቃተኝ። አካውንታንት ለመቅጠር አቅሙ የለኝም። የሠራችሁት ካላችሁ አስረዱኝ።»

ወንድሜ፣ እኔም ጅማ ነኝ፤ የምሸጠውም የቤት ዕቃ ነው። ቴርሞስ፣ ሳህን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ በርጩማ። ያንተም ሱቅ ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ ልነሳ። ቫት ምን እንደሆነ እዚህ ስንት ሰው ጽፎታል፤ እኔ ቀጥታ ወደ ሂሳቡ ልግባ።

1. ከሽያጩ ጀምር። ማታ ሱቅ ስትዘጋ ማሽኑ የሚያወጣውን ዜድ ሪፖርት ተመልከት። `TXBL1` የሚለው ቫት ያልገባበት ሽያጭህ ነው። `TAX1` ቫቱ ነው። `TOTAL` ደግሞ የሁለቱ ድምር፣ ማለትም ከደንበኛ እጅ የተቀበልከው ብር ነው። የሽያጭ ቫትህ የወሩ `TAX1` ድምር ነው፤ ሌላ ማባዛት አያስፈልገውም።

ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚበላው ግን እዚህ ጋ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ የሰፈሩን ሱቆች ሂሳብ እየዞረ የሚሠራ ልጅ ነበር የያዝኩት። ዲግሪ አለው፣ ሲናገርም ያሳምናል። አንድ ወር ጠቅላላ ሽያጬ ከነቫቱ 230,000 ብር ነበር። ልጁ ከዜድ ሪፖርቱ የታችኛውን ቁጥር ያነሳና በ15 በመቶ ያባዛዋል። 34,500 ብር የሽያጭ ቫት ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን የሱቄን ዋጋ አውቃለሁ። አንድ ቴርሞስ አነሳሁና ጠየቅኩት። «ይሄ ዋጋው 1,000 ነው፤ ቫቱ 150፤ በ1,150 ነው የምሸጠው። አንተ 1,150ን በ15 በመቶ ስታባዛ 172 ብር ከ50 ይመጣል። 22 ብር ከ50ዋን ከማን ተቀበልኩ?» ዝም አለ። ከዚያ «ልዩነቱ ትንሽ ነው» አለኝ። ትንሽ!

ቫቱ የተሰላው ከ100 ላይ ነው፤ ጠቅላላው 115 ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ብቻ በእጅህ ካለ ለ115 አካፍለህ በ15 ታባዛለህ።

```
230,000 ÷ 115 × 15 = 30,000   ቫት
230,000 − 30,000   = 200,000  ቫት የሌለበት ሽያጭ
```

34,500 እና 30,000። በአንድ ወር 4,500 ብር ከኪሴ ሊወጣ ነበር። የግብር ቢሮው ደግሞ «አብዝተህ ከፈልክ» ብሎ አይደውልልህም። ማጣሪያው ይሄ ነው፦ የወሩን `TXBL1` ድምር በ15 በመቶ አባዛው። ከ`TAX1` ድምር ጋር መግጠም አለበት። የሳንቲም ልዩነት ችግር የለውም፤ በሺህ ከተለያየ ግን አንድ የዜድ ወረቀት ጠፍቷል ወይም ሁለቴ ተደምሯል።

በዱቤ የሸጥከውም እዚሁ ውስጥ ነው። ደረሰኝ ከቆረጥክ ብሩ ባይገባም ቫቱ የዚያ ወር ነው። አንድ ሆቴል ወንበር ወስዶብኝ «በሚቀጥለው ወር» እያለ ሲያመላልሰኝ፣ የሱን ቫት ከራሴ ብር ከፍዬ ነው የጠበቅኩት። አሁን ለዱቤ ደንበኛ ቢያንስ የቫቱን ያህል ቅድሚያ ሳልቀበል ዕቃ አላወጣም።

2. የግዥ ደረሰኞችህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ አንድ በአንድ እያቸው። ወዲያው መደመር አትጀምር። መጀመሪያ ማየት ያለብህ ሻጩ የቫት ተመዝጋቢ መሆኑን፣ ቫቱ ለብቻው መጻፉን፣ ከዚያ ደግሞ የገዢ ስምና ቲን ያንተ መሆኑን ነው። ይሄ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዲስ አበባ መርካቶ ከአንድ አከፋፋይ የፕላስቲክ ወንበር ገዛሁ፤ ከነቫቱ 34,500 ብር። ቫቱ 4,500 ነው። ቲኔን በወረቀት ጽፌ ነው የሰጠሁት። ማሽኑ ላይ የነበረው ልጅ ስልክ እያወራ መታው፤ አንድ አኃዝ ተሳሳተ። አይሱዙው እየተጫነ፣ ጫኝና አውራጁ እየጮኸ፣ ማን ቆሞ ቲን ያነባል? ጅማ ገብቼ፣ ወሩ አልቆ፣ ግብር ቢሮው መስኮት ላይ ስደርስ ነው የታወቀው።

«ይሄ ቲን የማን ነው?»

«የኔ ነው፤ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ነው እንጂ ስሙን ይዩት።»

«ያንተ አይደለም። ቀጣይ!»

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ደረሰኙን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። ስሜ አለበት፣ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት አለኝ፣ ዕቃው ሱቄ ውስጥ ተደርድሯል። አይሆንም። ደግሞ በሕጉ ትክክል ነበረች፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በሰው ቲን የተቆረጠ ደረሰኝ አይቀነስልህም። ግን ለምን እንደሆነና ምን ማድረግ እንዳለብኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

አከፋፋዩ ጋ ስደውል «በእስክሪብቶ አስተካክለው» አለኝ። እንዳታደርገው! የተሰረዘ ደረሰኝ ካልተስተካከለው የባሰ ጣጣ ያመጣል። ትክክለኛው መንገድ ሻጩ የመጀመሪያውን ሽያጭ በማሽኑ ተመላሽ አድርጎ፣ በትክክለኛው ቲን አዲስ መቁረጥ ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ስለሚበዛበት ይሸሻል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ሱቁ በር ላይ ስቆም ነው የቆረጠልኝ። በዚያ መሀል ያኛውን ወር 4,500 ጨምሬ ከፍያለሁ፤ አዲሱ ደረሰኝ ራሱ በተቆረጠበት ወር ነው የተያዘልኝ። አሁን ሹፌሩ ቢጮህም ባይጮህም ቲኑን ጣቴን እያሳረፍኩ ሳላነብ ከመደብር አልወጣም። ሌላም ነገር አለ፤ የማሽን ወረቀት ቀለሙ ይጠፋል። ብረት ቆርቆሮ ጣራ ስር ካስቀመጥከውማ ፈጥኖ ነጭ ይሆናል። እንደገባህ ኮፒ አድርገህ ከዋናው ጋር ስቴፕል ምታው።

3. በርጩማ ትሸጣለህ አይደል? የጅማ የቤት ዕቃ ሱቅ ሆኖ በርጩማ የሌለው አላየሁም። እንግዲህ ይሄን ስማ። ከጠራቢዎቹ ስትገዛ እነሱ ቫት ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ከግዥህ ላይ የሚቀነስ ቫት የለም። ዜሮ። ያ ባለዲግሪ ልጅ ለጠራቢዎቹ የከፈልኩትን 40,000 ብርም ለ115 አካፍሎ 5,217 ብር «የግዥ ቫት» ሊያወጣልኝ ነበር። ያልተከፈለ ቫት ቀንሶ ማቅረብ በምርመራ ጊዜ ከነቅጣቱ ይመለሳል።

አንተ ስትሸጠው ግን ሙሉ ቫት አለበት። ዋጋ ላይ ነው ይሄ የሚመታህ። አንዱን በ800 ገዝተህ በ920 ብትሸጥ 120 ብር ያተረፍክ ይመስልሃል። 920ን ለ115 አካፍለህ በ15 አባዛው፤ ቫቱ 120 ነው። ለመንግሥት ሰብስበህ ሰጠህ፤ ለራስህ አንድ ብር የለም። ለሱቁ ኪራይ ከየት ይመጣል? እኔ በርጩማ በ1,150 ነው የምሸጠው። 150 ቫት፣ 200 የኔ። ሐሙስ ገበያ ላይ መሬት ላይ ዘርግቶ በ900 የሚሸጥ አለ፤ ደንበኛ እየጠቀሰ ይሞግተኛል። ይሂድ። እሱ ቫት የለበትም፤ ከሱ ጋር በዋጋ መጋፋት አልችልም።

አሁን የዚያን ወር ሙሉ ሂሳብ ልስጥህ፤ ህዳር ነበር እንበል። የሽያጭ ቫት 30,000። ግዥ ላይ፣ ቴርሞስና ሳህን ከነቫቱ በ115,000 ገዝቻለሁ፤ ቫቱ 15,000። ለሱቁ መደርደሪያ ከነቫቱ በ11,500 አሠርቻለሁ፤ ቫቱ 1,500። መደርደሪያው የሚሸጥ ዕቃ አይደለም ብለህ አትተወው፤ ለንግዱ የዋለ ስለሆነ ይቀነሳል። አዲስ አበባ የበላሁት ምሳ ደረሰኝም ነበረ፣ ቫትም ስሜም ቲኔም አለበት። እሱ አይቀነስም፤ ምግብና መስተንግዶ ከዚህ ውጪ ነው። የግል አውቶሞቢልም እንደዚሁ።

```
የሽያጭ ቫት               30,000
ቴርሞስና ሳህን           − 15,000
መደርደሪያ              −  1,500
በርጩማ                       0
ምሳ                          0
የሚከፈል                13,500
```

ወንበሩም የዚያው ወር ግዥ ነበር፤ ቲኑ ባይሳሳት ኖሮ 9,000 ነበር የምከፍለው። በልጁ ሂሳብ ደግሞ ሽያጩን በ34,500፣ በርጩማውንም ቀንሶ 12,783 ብር ያወጣልኝ ነበር። ልብ በል፤ የሱ ቁጥር ከትክክለኛው አንሷል! አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፈነው። ለዚህ ነው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይተህ «እሺ» ማለት የማያዋጣው። በየመስመሩ ቫቱ የየትኛው ደረሰኝ እንደሆነ አስጠይቅ።

የህዳርን እስከ ታህሳስ 30 ታሳውቃለህ። እኔ እስከ 15 እጨርሳለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ኔትወርክ የለም፣ ሰልፉም አይጣል ነው። ምንም ያልሸጥክበት ወር ቢሆንም ዜሮ ብለህ አሳውቅ። ግዥህ ከሽያጭህ የበለጠበት ወር ካለ ደግሞ ትርፉ ወደሚቀጥለው ወር ይዞርልሃል፤ ሰኔ ላይ ለክረምቱ ዕቃ ስጭን እኔ እንደዚያ ይገጥመኛል።

ቀሪው ደብተር ነው። አንድ ገጽ ለሽያጭ፣ ቀኑና የዜዱ ቁጥር፣ `TXBL1`፣ `TAX1`። አንድ ገጽ ለግዥ፣ የሻጩ ስምና ቲን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቫቱ። ቫት የሌላቸውን ግዥዎች ሌላ ገጽ ላይ ጻፍ እንጂ እዚህ አትቀላቅል። የወርህን ቁጥሮች እዚህ ብትለጥፋቸው ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ አየዋለሁ፤ ቲንህን ግን ሸፍነው።