መልስ የማይጠይቅ መልካም ምኞት

«ባለቤቴ ሐሙስ የመመረቂያ ጽሑፉን በገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል። ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም። በየቀኑ ‹አይዞህ፣ በርታ፣ ይሳካልሃል› እያልኩ እጽፍለታለሁ፤ እሱ ግን ይባስ ይበሳጫል። መልካም ምኞቴን እንዴት ልንገረው? አንድ ትንሽ ነገርም ላደርግለት እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ እኔም ይህንኑ አድርጌ አውቃለሁ። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ በየዓመቱ ኦዲተሮች የሚመጡበት አንድ ከባድ ሳምንት አላት። በመጀመሪያው ዓመት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ «እንዴት ሆነልሽ?» እያልኩ ጻፍኩላት። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ «እነሱም ይጠይቁኛል፣ አንተም ትጠይቀኛለህ» አለችኝ። ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር። ያን ሌሊት የላክሁትን ሁሉ መልሼ ሳነብ፣ አንድም መልስ የማይፈልግ መልእክት አላገኘሁም። ለደከመ ሰው መልስ መስጠትም ሥራ ነው። «ይሳካልሃል» የሚለውም ቢሆን ሸክም አለው፤ ባይሳካ አንቺንም የሚያሳዝንሽ መስሎ ይታየዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ናያል ቦልገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት አንድ ጥናት ነገሩን ገለጠልኝ። ከጥንዶች አንዱ በኒውዮርክ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና ሲዘጋጅ፣ ሁለቱም በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ተፈታኙ «ዛሬ ድጋፍ አገኘሁ» ብሎ የጻፈው ድጋፍ ስሜቱን የሚያከብድበት ጊዜ ነበር፤ በጣም የጠቀመው አጋሩ ሰጥቶት እሱ ግን ልብ ያላለው ድጋፍ ነው። ድጋፉ ሲታይ «አልቻልክም» የሚል መልእክት ሊያደርስ ይችላል። እኔ ከዚህ የወሰድሁት «ዝም በል» የሚለውን አይደለም። ብዙው እርዳታ ሳይታይ ይደረግ፣ የሚታየው ግን አንድ ብቻ ይሁን ብዬ ነው የወሰንሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ሳምንቱ ሳይጀምር፣ እሑድ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት፤ «ከቀኖቹ የትኛው ይከብድሻል?» ረቡዕ አለችኝ፤ ሪፖርቷን ለኃላፊዎቹ የምታቀርበው በዚያ ቀን ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ስልኳንና ኮምፒውተሯን ማታ ማታ ቻርጅ ላይ አደረግሁ፤ ጠዋት የምትፈልገውን ወረቀት ሁሉ ቦርሳዋ አጠገብ አኖርሁ። ስለዚህ ምንም አልተናገርሁም። ማክሰኞ ማታ ደግሞ በትንሽ ወረቀት ላይ ይህን ጻፍሁ፦

«የዛሬው ቀን ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በልቤ ካንቺ ጋር ነኝ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣለሁ፤ ማታም አስተኛቸዋለሁ። መልስ አትጻፊልኝ።»

ወረቀቱን የኮምፒውተሯ ቻርጀር ባለበት የቦርሳ ኪስ ውስጥ ከተትሁት። ጠዋት በጥድፊያ እንድታየው አልፈለግሁም፤ ቻርጀሩን የምታወጣው ቁጭ ስትል ነውና ያኔ ታገኘዋለች። ከአራቱ ዐረፍተ ነገሮች ዋናው ሦስተኛው ይመስለኛል፤ ምኞቱን ከአንድ የተወሰነ ሥራ ጋር ያስረዋልና። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ምን እንደሚያስፈልጋት የማሰቡን ሥራ ለእርሷ መልሼ መስጠቴ ነበር።

እዚህ ላይ የምትጠነቀቂው ነገር አለ። የያዝሽውን ሥራ ከነውሳኔው ያዢው። እኔ በዚያው ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ደውዬ «የትንሹ ሹራብ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ በአንድ ጥሪ የሰጠሁትን ግማሹን ወሰድሁባት። ደግሞም የእርሱን ሥራ አትንኪ። ጽሑፉን ማረም፣ የሚለብሰውን መምረጥ፣ ጠረጴዛውን ማስተካከል ደግነት ቢመስልም፣ በዚህ ሳምንት የቀረውን ጥቂት ሥርዓት ያናጋበታል።

ስጦታሽ መክበዱን የምታውቂው ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር ነው። «አስቸገርኩሽ» ካለ፣ ያደረግሽው እንደ ዕዳ ተሰምቶታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀንሺው። ዝም ካለ ግን አትዘኚ። ባለቤቴ ስለ ወረቀቱ ምንም ሳትል ሦስት ቀን አለፈ፤ ቅዳሜ ዕለት የቦርሳዋን ኪስ ስፈትሽ ታጥፎ ተቀምጦ አገኘሁት።

እንቅልፍ ማጣቱ ሐሙስ ካለፈም በኋላ ከቀጠለ፣ ያ በወረቀት የሚታለፍ አይደለምና ሐኪም እንዲያይ አብረሽው ሂጂ።

ለአንቺ የምመክርሽ ከዛሬ ጀምሮ የዕለት መልእክቱን እንድታቆሚ ነው። ረቡዕ ማታ፣ በማግስቱ ከሚይዘው ጽሑፍ የመጨረሻ ገጽ ጀርባ ሳይሆን ለብቻው በሚከፍተው ነገር ውስጥ፣ ለምሳሌ በመነጽር ማኅደሩ፣ ይህን አስቀምጪለት፦ «ብዙ የደከምህበት ቀን ደረሰ። አብሬህ ነኝ። ስትጨርስ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ ማውራት ካላሰኘህ ዝም ብለን እንሄዳለን።» ሲወጣም «እንዴት ነበር?» አትበዪው። ቦርሳውን ተቀበዪውና መራመድ ጀምሪ፤ ሲፈልግ ራሱ ይነግርሻል።