በህልም የሚገኝ የማይታወቅ ክፍል

«በህልሜ የራሴ ቤት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ክፍል አገኛለሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ደንግጬ እነቃለሁ። ምን ማለት ይሆን?»

እህቴ፣ አንድ ቁርጥ ያለ ፍቺ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1909 የአእምሮ ሐኪሙ ካርል ዩንግ፣ ህልም በመፍታት ከታወቀው ሐኪም ከፍሮይድ ጋር ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ያየውን ህልም እንይ። ቤቱ «የኔ ነው» የሚለው ግን የማያውቀው ነበር። ከፎቁ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ዘመኑ እያረጀ ሄዶ፣ ከሁሉ በታች ዋሻ ውስጥ ሁለት የራስ ቅሎች አገኘ። ፍሮይድ በራስ ቅሎቹ ላይ አተኩሮ የማንን ሞት እንደተመኘ ጠየቀው። ዩንግ ግን ቤቱን የአእምሮው ምስል አድርጎ ወሰደው፤ ላይኛው የምናውቀው፣ የታችኛው የማናውቀው ክፍላችን። ያው ህልም፣ ሁለት ፍቺ።

ስለዚህ እንደነቃሽ ዝርዝሩን ጻፊው። በሩ የት ነበር? ክፍሉ አቧራ የዋጠው ነው ወይስ ሰው የኖረበት? ውሃው ምን ላይ ይንጠባጠባል? ከሁሉም በላይ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?

እኔ አንድ ሰሞን በህልሜ ውሃው አልጋዬ ላይ ሲንጠባጠብ ባልዲ እቀያይር ነበር፤ ጣሪያውን ግን አንድም ጊዜ ቀና ብዬ አላየሁም። ያኔ ብድሬን በየወሩ እየከፈልኩ ጠቅላላ ዕዳዬን ለማየት እፈራ ነበር። ፍንጩን ያገኘሁት ከጣሪያው ሳይሆን ቀና ከማለት መሸሼ ላይ ነው።

በእርግጥ ቤት ተደርምሶበት የሚያውቅ ሰው ያንኑ ደጋግሞ ካለመ ግን ምሳሌ ሳይሆን የደረሰበት ነገር ትዝታ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ከነሳው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክር።