ፍሪጇን ሳላይ የመለስኳት ሴት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደወለልኝ። ቴሌግራም ላይ የወጥ ቤት ዕቃ ይሸጣል። «ጋሼ፣ አንዲት ደንበኛ ብሌንደሩ ተቃጠለ፣ ገንዘቤን መልስልኝ እያለችኝ ነው። ብመልስላት ከሰርኩ፣ ባልመልስላት ደግሞ ስሜን ልታጠፋው ነው። ብሎክ ላድርጋት?» አለኝ። «ዕቃውን አይተኸዋል?» አልኩት። «ፎቶ ልካልኛለች» አለኝ።

ሄደህ አምጣውና እንየው ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንቅልፍ የነሳችኝ ከሃያ ዓመት በፊት ፍሪጅ የሸጥኩላት ሴት ናት። ስለ እሷ ለማንም አውርቼ አላውቅም። እናንተ አሁን ንግድ የምትጀምሩ ልጆች ግን ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

ጊዜው 1997 ዓ.ም. ነው። መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበረኝ። ከባንኮኒው በላይ በትልቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ያኔ ያልለጠፈ ሱቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሴትየዋ ዕቁብ ደርሷት ነው የመጣችው። ኮልፌ ቤቷ በር ላይ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ለስላሳና ውሃ አቀዝቅዛ ልትሸጥ ነው። ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ይዛው ነበር፣ 3,850 ብር። ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፣ እኔም ቆጠርኩት። የፍሪጁን በር እየከፈተች እየዘጋች ስትስቅ አሁን ድረስ ይታየኛል። መኪና ላይ አስጭኜ ከልጆቹ ጋር ላክኋት።

በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። «ድምፅ አለው፣ መብራትም ይበራል፣ ግን አያቀዘቅዝም» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? ወደ ወረቀቱ ጠቆምኳት። «እናንተ ሰፈር መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ያ ነው ያቃጠለው፣ ስታብላይዘር ግዢ ብዬሽ ነበር» አልኳት። እውነት ነው ብያት ነበር። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕረሰር እንደሚጎዳም እውነት ነው፤ ጋዙ ግፊቱ ሳይወርድ ሞተሩ ልነሳ ሲል ይታፈናል፣ ለዚህ ነው ጥሩ ስታብላይዘር ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መብራት የሚለቀው። ግን ያኔ የተናገርኩት እውቀት የእሷን ፍሪጅ የሚመለከት ይሁን አይሁን ምንም አላወቅኩም። አላየሁትማ።

በሳምንቱ ደግማ መጣች። ሱቁ ውስጥ ሦስት ገዢ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳት፣ እነሱ እንዲሰሙ ብዬ። ለአንዷ ከመለስኩ ሁሉም ይመጣብኛል የሚል ፍርሃት ነበረኝ። ሦስተኛ ጊዜ የመጣችው ከእድራቸው አንድ አባት ይዛ ነው። ሰውየው በትህትና «ልጄ፣ ሰው ልከህ ቢያዩት ምን ይጎዳሃል?» አሉኝ። ለኮልፌ ደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ግማሽ ቀን ነበር የሚጎዳኝ። አልላክሁም። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። እኔም ተገላገልኩ አልኩ።

ስድስት ወር ገደማ አልፎ ከጫኝ ልጆቹ አንዱ ጋር ሻይ ስንጠጣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን፣ «ያቺ የኮልፌዋን ፍሪጅ እኮ ቦታ ስላጣን አስተኝተን ነው የወሰድናት፣ ደርሰን ሰክተንላት ነው የመጣነው፣ ደስ እንዲላት ብለን» አለ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ፍሪጅ ቆሞ ነው መሄድ ያለበት። ከተኛ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈሳል። ተኝቶ ከሄደ ዘይቱ ተመልሶ እስኪወርድ ሳይሰካ ቆሞ መቆየት አለበት፤ እኛ አንድ ሙሉ ቀን እንላለን። ወዲያው ከሰካኸው ዘይቱ ቀጭኗን ቱቦ ይዘጋታል፣ ኮምፕረሰሩም ያለ ዘይት ይሠራል። ምልክቱ ልክ እሷ ያለችው ነው፤ ድምፅ አለ፣ መብራት አለ፣ ቅዝቃዜ የለም። በጊዜ ከተደረሰበት አንዳንዴ ነቅሎ አንድ ቀን ማቆም ብቻ ያድነዋል። በአራተኛው ቀን ሄጄ ነቅዬው ቢሆን ምናልባት ይድን ነበር። እሷ ግን መፍትሔ ስታጣ እየሰካች ሞክራዋለች፣ ሳምንታት።

አድራሻዋን ከካርኒው ላይ አግኝቼ ሄድኩ። ሱቋ ተዘግቷል። ፍሪጁን ለቁራሌ በ400 ብር ሸጣዋለች። 3,850 ብሩን አወጣሁ። ተቀበለችኝ፣ ልክ እንደዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያ 400 ብር ነጥላ መለሰችልኝ፣ «ይሄን ከቁራሌው አግኝቼበታለሁ» ብላ። አልቀበልም ብላት በግድ ሰጠችኝ። በር ላይ ስትሸኘኝ «አንድ ቀን መጥተህ ብታየው ኖሮ፣ ባትመልስልኝም አልቀየምም ነበር» አለችኝ። ዳግም ሱቄ አልመጣችም። ከዚያ ሰፈርም ለዓመታት ገዢ መጥቶልኝ አያውቅም።

እሷ ያለችው ነገር ነው መላው ሥራዬን የቀየረው። ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እንዲታይለት ነው። ገንዘቡ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እናንተ ዛሬ ፎቶ አይታችሁ፣ ድምፅ ሰምታችሁ ትፈርዳላችሁ፣ ሲበዛባችሁ ደግሞ ብሎክ። እኔ በቃል የሠራሁትን ስህተት ነው በጣት የምትሠሩት። ይቅርታ፣ ግን እንደዚያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን አነሳሁት። ሕጉም ቢሆን አይደግፈውም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የምልከውን እያንዳንዱን ፍሪጅ ሶኬቱን በነጭ ፕላስተር እጠቀልለውና ላዩ ላይ «ነገ ከዚህ ሰዓት በፊት አይሰካ» ብዬ ሰዓቱን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። ፕላስተሩን የሚፈታው ገዢው ነው። «አያቀዘቅዝም» የሚል ስልክ በጣም ቀነሰልኝ። ኪሳራን መቀነስ የሚጀምረው ከሽያጩ በፊት መሆኑን መጀመሪያ ያስተማሩኝ ተቀጥሬ የሠራሁባቸው ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ አምፖል እንኳን ሳያበሩ አይሸጡም ነበር። ገዢው ቸኩሏል ብላቸው «እሱ ነው የቸኮለው፣ አምፖሉ አልቸኮለም» ይሉኝ ነበር። ሱቃቸው ጨለማ ስለነበር ያ አምፖል ሲበራ ፊታቸው ይታይ ነበር፣ ይሄንን ለምን እንዳስታወስኩት አላውቅም።

ወደ ልጁ ብሌንደር ልመለስ። አምጥቶት አብረን አየነው። ነቅለን መዘውሩን በእጅ ስናዞረው በቀላሉ ይዞራል፣ ስለዚህ የተያዘ ነገር የለም። ስንሰካው አይነሳም፣ ከሥሩ የተቃጠለ ሽታ አለው። ሞተሩ ነው። ከምላጩ ሥር ደግሞ ዱቄት ተጋግሯል። ሽምብራ ናት። ደረቅ ሽምብራ በጭማቂ መምቻ ፈጭታበታለች። ልጁ ደስ አለው፣ «በቃ ጥፋቱ የራሷ ነው!» አለ። ማስታወቂያህን አሳየኝ አልኩት። በትልቁ «ሁሉንም ይፈጫል» ይላል። መመሪያው ደግሞ በቻይንኛ ብቻ ነው። ልጁ ዝም አለ።

ከዚያ ሂሳቡን አስቀመጥን። ብሌንደሩን በ3,200 ገዝቶ በ4,100 ሸጦታል፣ 900 ብር አትርፏል። ሞተር ማስቀየር 900፣ ለማመላለሻ 300። ሠርቶ ቢመልስላት ትርፉ ይሄዳል፣ 300 ብር ደግሞ ከኪሱ ይወጣል። ገንዘቧን መልሶ ዕቃውን ቢያሠራው ግን ከመግዣው ጋር 4,400 ያስወጣዋል፣ የተሠራ ነው ብሎ በሐቅ ቢሸጠው ቢበዛ 2,900 ያገኛል። ኪሳራው 1,500። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው። እንግዲህ ደውልላት፣ መጀመሪያ ያየኸውን ንገራት፣ ሽምብራውንም፣ ማስታወቂያህንም፤ ከዚያ በሦስት ቀን ሠርቼ ላምጣልሽ ወይስ ገንዘብሽን ልመልስልሽ ብለህ ጠይቃት አልኩት። የምትመርጠው እሷ ናት፣ ምክንያቱም «ሁሉንም ይፈጫል» ያለው እሱ ነው። ይሠራልኝ አለች። እኔም እንደዚያ ትላለች ብዬ ገምቼ ነበር፣ ዕቃውን ፈልጋው ነው እኮ የገዛችው።

ገንዘብ የምትመልሱበት ቀን ከመጣ ደግሞ ዋናውን ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ተመላሹንም መዝግቡ። አለበለዚያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ለሌለ ሽያጭ 15 በመቶ ትከፍላላችሁ።

ሁሌ መልሱ ማለቴ አይደለም። ፍሪዘር ውስጥ የረጋ በረዶ በቢላ ሲፍቁ ቱቦውን ወግተው «ጋዝ የለውም ነበር» የሚሉ አጋጥመውኛል። አልከራከርም። ቀዳዳውን ፈልጌ፣ ዙሪያው ያለችውን ትንሽ የዘይት እርጥበት በጣታቸው አስነካቸዋለሁ። ገንዘብ አልመልስም፣ ግን ጥገናውን ያለ ትርፍ አሠራላቸዋለሁ። በጣታቸው ነክተው የተጣላኝ ሰው ትዝ አይለኝም። አንድ ጊዜ ግን ቢላ የወጋውን አይቼ ሙሉ ገንዘቡን መልሻለሁ። የሠርግ ስጦታ ነበር፣ ሙሽራዋ ሱቄ ውስጥ ቆማ እያለቀሰች። ከላይ ካልኩት ጋር አይሄድም፣ አውቃለሁ። አሁንም ብትመጣ እመልስላታለሁ።

ልጁ ትናንት ደወለ። ማስታወቂያውን ቀይሮታል፤ «ደረቅ እህል አይፈጭም፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ በተከታታይ አያሠሩ» ብሎ ጽፎበታል። ሊገዙ የነበሩ ሦስት ሰዎች ይሄን አይተው ተዉት አለኝ፣ ድምፁ ቅር ብሎታል። ሽምብራ ሊፈጩበት ይሆናላ፣ ይቅሩ አልኩት።