የሥራ ማስታወቂያ ስንተረጉም፦ የአንባቢ ጥያቄዎች

«ድርጅታችን የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ አወጣ፤ አማርኛውን እኔ ሠራሁት። ዲፕሎማ ያለው ሰው አንድም አልተመዘገበም። ምን አጠፋሁ?» (ከኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። የላክሽልኝ እንግሊዝኛ ዲፕሎማ የግድ ነው ይላል፣ ዲግሪ ቢኖር ይመረጣል፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መቻል ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ሦስት ደረጃ አለው ማለት ነው። አንቺ ግን «ዲግሪ ያለው፣ ፒችትሪ የሚችል» ብለሽ ሁሉንም አንድ አድርገሽዋል። በእኛ ማስታወቂያ «ያለው» ከተባለ ግዴታ ነው፤ ዲፕሎማ ይዞ የሚያነብ ልጅ እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

«ዲግሪ ያላቸው ይመረጣሉ» ማለትም አያድንሽም። አንባቢው ቦታው ለእነሱ የተያዘ ይመስለዋል። «ቅድሚያ ይሰጣል» ደግሞ ቃል መግባት ስለሆነ አለቃሽን ሳትጠይቂ አትጻፊው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ያላቸው ማመልከት ይችላሉ። ዲግሪ ቢኖር ይመረጣል። ፒችትሪ የማያውቁም መመዝገብ ይችላሉ፤ ማወቅ ግን ይጠቅማል።» ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ማንንም አያባርርም።

የሥራ ልምዱንም እይው። «ቢያንስ 2 ዓመት» ብቻ ካልሽ ስልክሽ አያርፍም፣ ዲግሪ ያለውም ዲፕሎማ ያለውም እኩል ይጠየቅ እንደሆነ አይታወቅምና። አለቃሽን ጠይቂና እኛ እንደለመድነው ለይተሽ ጻፊው፦ «በዲፕሎማ 2 ዓመት፣ በዲግሪ 0 ዓመት»።

«እንግሊዝኛው ፆታ አይለይም። እኔ ግን 'የተመረቀ/ች፣ የሠራ/ች፣ ያለው/ያላት' እያልኩ ገጹን በእዝባር ሞላሁት።» (ከደሴ)

በብዙ ቁጥር ጻፈውና ተገላገል፦ «የተመረቁ»፣ «የሠሩ»፣ «ያላቸው»። አክብሮትም አለው። ለከሚሴ በኦሮምኛ ካወጣችሁትም ያው ነው፤ እዚያም ግሡ ወንድና ሴት ስለሚለይ ብዙ ቁጥሩ ያወጣችኋል። ኦሮምኛውን ግን ከአማርኛው ላይ አትተርጉመው፣ ከእንግሊዝኛው ተነስ። አማርኛው ላይ የተሳተ «ግዴታ» ካለ እሱም አብሮ ይሻገራል።

«ማርች 20 ከሰዓት 5:00 የሚለውን እንዳለ ልተወው?» (ከወልድያ)

ኧረ በጭራሽ! መጋቢት 11፣ ከቀኑ 11:00 ሰዓት ነው። «5:00» ብለህ ከተውከው ሰው ረፋድ ላይ የሚዘጋ ይመስለዋል። ዓመተ ምሕረቱንም አብረህ ቀይር፤ ወሩን አስተካክሎ ዓመቱን በፈረንጅ የተወ ማስታወቂያ ስንቴ አይቻለሁ።